ለካሜራ የተጻፈን ስክሪፕት ወደ ቮይስ ኦቨር መቀየር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስክሪፕቱ የተጻፈው አቅራቢ ካሜራ ፊት ቆሞ እንዲያወራው ነበር። በኋላ ነገሩ ተቀየረ። አቅራቢው አልተገኘም፣ ወይም ስቱዲዮው አልተሳካም፣ ወይም ቪዲዮው በብዙ ቋንቋ እንዲሠራ ተወሰነ። አሁን በእጅ ያለው ድምፅ፣ ሌሎች አስቀድመው ቀርጸው ያዘጋጁት ስቶክ ቪዲዮና የሚንቀሳቀስ ሥዕል የሆነው ሞሽን ግራፊክስ ነው። እዚህ ቦታ ላይ የደረሱ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው።

ስክሪፕቱን እንዳለ አንብቤ ምስል ብደርብበትስ?

ይቻላል፤ ብዙ ሰውም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ሲታይ ግን የሆነ ነገር ይጎድለዋል። የጎደለው የአቅራቢው ፊት ነው።

አቅራቢ ቅንድቡን ሲያነሳ ጥያቄ እየጠየቀ እንደሆነ ይገባናል። ፈገግ ሲል ያለውን ነገር በቀልድ እንወስደዋለን። ዝም ሲል ፊቱን እያየን እንጠብቀዋለን። ዕቃ አንስቶ ሲያሳይ ደግሞ የዓረፍተ ነገሩ ግማሽ ያለው እጁ ላይ ነው። ፊቱ ሲነሳ ይህ ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ወረቀቱ ላይ ያሉት ቃላት ግን አሁንም እሱን እየጠበቁ ነው።

ሌላም አለ። ሰው ሲያወራ 20 ሰከንድ ብናየው አይሰለቸንም፤ ዓይናችን ዓይኑ ላይ ነው። አንድ የስቶክ ክሊፕ ግን 4 ወይም 5 ሰከንድ ከታየ በኋላ የሚነግረን ነገር አልቋል። ስለዚህ አቅራቢው በአንድ ትንፋሽ የሚወጣው አንቀጽ በክሊፕ ይሸፈን ሲባል አራት አምስት ክሊፕ ይፈልጋል። ስክሪፕቱ ውስጥ ለአራት አምስት ምስል የሚሆን ነገር ከሌለ ኤዲተሩ ያገኘውን ይለጥፋል። ኪቦርድ የሚመቱ እጆች፣ ከላይ የተነሳ ከተማ፣ ስብሰባ ላይ የሚሳሳቁ ሰዎች የሚመጡት እንዲህ ነው። ጥፋቱ የኤዲተሩ አይደለም። ስክሪፕቱ ሌላ ምርጫ አልሰጠውም።

እሺ፣ ከየት ልጀምር?

ስክሪፕቱን አትሙና ብዕር ያዙ። ሦስት ዓይነት ቦታ ላይ ምልክት አድርጉ።

አንደኛው እጅ የሚፈልግ ቦታ ነው። «ይኼ»፣ «እዚህ ጋ»፣ «እንዲህ አድርጋችሁ» የሚሉት በሙሉ የሚጠቁም ጣት ከሌለ ባዶ ናቸው። ሁለተኛው ፊት የሚፈልግ ቦታ ነው። ሰላምታ፣ «ለምን ይመስላችኋል?» የሚል ጥያቄ፣ «እሺ?»፣ «አይገርምም?» የሚሉት እዚህ ይገባሉ። ሦስተኛው «እኔ» ያለበት ቦታ ነው።

ምልክት ካደረጋችሁ በኋላ ለእያንዳንዱ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይህ ቦታ ሲነገር ተመልካቹ ምን እንዲገባው ወይም ምን እንዲሰማው ነበር የተፈለገው? መልሱን ከያዛችሁ በኋላ ያንን ሥራ ማን ይሥራው የሚለውን ትወስናላችሁ። ድምፁ፣ ክሊፑ፣ ግራፊክሱ ወይም ዝምታ። ማንም የማይፈልገው ሥራ ከሆነ ደግሞ ይሰረዛል። ሰላምታው አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው እዚህ ነው። ፊት ሳይኖረው «እንዴት ናችሁ?» የሚል ድምፅ ለማን እንደሚናገር አይታወቅም።

ከዚያ በኋላ ወረቀቱን ለሁለት ክፈሉት። በአንድ በኩል የሚሰማው፣ በሌላው በኩል የሚታየው ይጻፋል። ይህን የምለው ለወረቀቱ ውበት ብዬ አይደለም። የምስሉ ዓምድ ባዶ የሆነበት መስመር ወዲያው ያፈጥባችኋል። ኤዲቲንግ ላይ ከምታገኙት አሁን ብታገኙት ይሻላል።

በምሳሌ ብታሳዩን?

የስልክ ባትሪ ለምን እንደሚደክም የሚያስረዳ ቪዲዮ አለ እንበል። ለአቅራቢ የተጻፈው መክፈቻ ይህ ነው፦

«ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ በጣም የምወደውን ርዕስ ይዤ መጥቻለሁ። ይኼን ስልክ ታዩታላችሁ? ሁለት ዓመት ሆነው። መጀመሪያ ላይ እስከ ማታ ይቆይልኝ ነበር፤ አሁን እኩለ ቀን ሳይደርስ ይዘጋብኛል። ለምን ይመስላችኋል? ውስጡ የሊቲየም አየን የሚባሉ ነገሮች አሉ። ቻርጅ ስታደርጉት ከዚህ ወደዚህ ይሄዳሉ፤ ስትጠቀሙበት ይመለሳሉ። ግን ሁሉም አይመለሱም! ሙቀት ሲኖር ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ትራስ ሥር አድርጋችሁ ቻርጅ አታድርጉ፣ እሺ?»

ለካሜራ ጥሩ ጽሑፍ ነው። ሕይወት አለው። አሁን ፊቱን አንሱት። «ይኼን ስልክ» የቱን? «ከዚህ ወደዚህ» ከየት ወደየት? «ይዘጋብኛል» የማን ስልክ ነው?

ከተቀየረ በኋላ እንዲህ ይሆናል፦

| ድምፅ | ምስል |
|---|---|
| አዲስ ስልክ እስከ ማታ ይቆያል። | ግራፊክስ፦ የስልክ ቅርጽ፣ ከላዩ ፀሐይ። ፀሐይዋ ከጠዋት ወደ ማታ ስትሄድ ባትሪው ቀስ እያለ ይጎድላል። |
| ሁለት ዓመት ያገለገለው ግን እኩለ ቀን ላይ ይዘጋል። | ያው ግራፊክስ ከመጀመሪያው። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ ስክሪኑ ይጠፋል። |
| 1 ሰከንድ ዝምታ | እይታው በጠፋው ስክሪን አልፎ ወደ ባትሪው ውስጥ ይገባል። |
| ባትሪው ውስጥ የሊቲየም አየኖች አሉ። | ሁለት ጎን ያለው ሳጥን። በአንዱ ጎን የተሰበሰቡ ነጠብጣቦች። |
| ስልኩ ቻርጅ ሲደረግ ወደ ሌላኛው ጎን ይሻገራሉ። | ነጠብጣቦቹ ይሻገራሉ። |
| ስንጠቀምበት ይመለሳሉ። | ሁሉም መመለስ ይጀምራሉ። |
| ሁሉም ግን አይመለሱም። | ጥቂቶቹ ባሉበት ተጣብቀው ይቀራሉ፤ ቀለማቸው ይደበዝዛል። |
| 2 ሰከንድ ዝምታ | ተጣብቀው የቀሩት ብቻ ይታያሉ። |
| ሙቀት ሲበዛ የሚቀሩት ይበዛሉ። | ሳጥኑ ይቀላል፤ ተጨማሪ ነጠብጣቦች ይጣበቃሉ። |
| ትራስ ሥር ያለ ስልክ ደግሞ ሙቀቱን የሚያወጣበት የለውም። | ስቶክ፦ አልጋ ላይ፣ ትራስ ሥር ቻርጅ የሚደረግ ስልክ። |

የተሠራውን ነገር ተመልከቱ። 55 የነበረው ቃል 42 ሆኗል፤ የቀነሰው ግን ፊቱ ይይዘው የነበረው ነው። «ለምን ይመስላችኋል?» የሚለው ጥያቄ ወደ አንድ ሰከንድ ዝምታ ተቀይሯል። ስክሪኑ ሲጠፋና እይታው ወደ ውስጥ ሲገባ ተመልካቹ ራሱ «ለምን?» ይላል። የቃለ አጋኖው ሥራ ደግሞ ለተጣበቁት ነጠብጣቦችና ከኋላው ለሚመጣው ሁለት ሰከንድ ተሰጥቷል። ይህ ዝምታ ስክሪፕቱ ላይ ካልተጻፈ ኤዲተሩ «ክፍተት» ነው ብሎ ይዘጋዋል። ስለዚህ ጻፉት።

የቱን በስቶክ፣ የቱን በሞሽን ግራፊክስ?

ከላይ ባለው ሠንጠረዥ ውስጥ ስቶክ የገባው አንድ ቦታ ብቻ መሆኑ ሊያስገርማችሁ ይችላል። ምክንያት አለው።

ስቶክ ቪዲዮ ዓይነቱን እንጂ አንዱን ለይቶ አያሳይም። «ስልክ» ያሳያል፤ «ይኼንን ስልክ» አያሳይም። አዲስ ስልክ የያዘ እጅ ከአንድ ክሊፕ፣ የጠፋ ስልክ የያዘ እጅ ከሌላ ክሊፕ ብታመጡ እጁም ስልኩም ክፍሉም ይለያያል። ተመልካቹ ሁለት ሰዎች አየ እንጂ የአንድ ስልክ ማርጀት አላየም። «በፊት እና አሁን» የሚል ነገር ስላለ ወደ ግራፊክስ መሄድ ነበረበት። በዓይን የማይታይ ነገርም፣ እንደ አየኖቹ፣ ወደዚያው ይሄዳል። ቁጥር፣ ንጽጽር፣ ቅደም ተከተልም እንዲሁ።

ስቶክ የሚያምርበት ቦታ የሰው ኑሮ ያለበት ነው። ትራስ ሥር የሚገባ ስልክ ሁላችንም እናውቀዋለን። ይህን በሥዕል ብትሠሩት ይደርቃል። እውነተኛ አንሶላ፣ እውነተኛ ገመድ ሲታይ ግን ተመልካቹ «እኔም እንዲህ ነው የማደርገው» ይላል።

ስለዚህ ስክሪፕቱን ስታስተካክሉ «ይህ የስቶክ ነው» ያላችሁትን ዓረፍተ ነገር ሊፈለግ ወደሚችል ነገር አውርዱት። «የዕለት ተዕለት ልማዳችን ባትሪውን ይጎዳዋል» ብላችሁ ከጻፋችሁ መፈለጊያው ላይ ምን ትጽፋላችሁ? «ስልኩ ትራስ ሥር ነው» ካላችሁ ግን የምትፈልጉት ታውቋል። ምስሉንም መጀመሪያ ፈልጉ። የምትፈልጉት ክሊፕ ከሌለ ዓረፍተ ነገሩን ላለው ክሊፕ መቀየር ቀላል ነው፤ ድምፁ ተቀርጾ ካለቀ በኋላ ግን አይሆንም።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ድምፁ የሚለውን ቃል በቃል አታሳዩ። «ስልኩ ይሞቃል» ሲባል የሚሞቅ ስልክ፣ «ሌሊቱን ሙሉ» ሲባል ጨረቃ፣ እንዲህ እየተባለ ሲቀጥል ለሕፃናት የተሠራ ይመስላል። ምስሉ ከቃሉ ላይ አንድ ነገር ይጨምር። ድምፁ ስለ ሙቀት ሲያወራ ምስሉ ትራሱን ካሳየ ሁለቱ ተደጋገፉ።

የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ከምስሉ ጋር አልገጥም ይለኛል። ለምን?

ግስ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ነው። ይህ በጣም የሚያስቸግር፣ ካወቁበት ግን በጣም የሚጠቅም ነገር ነው።

«ትራስ ሥር ተቀብሮ ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ላይ ያደረ ስልክ ባትሪው ቶሎ ይደክማል» የሚለውን እንየው። ስልኩ የተጠራው ዓረፍተ ነገሩ ከተጋመሰ በኋላ ነው። ነገሩ የተፈታው የመጨረሻው ቃል ላይ። አቅራቢ ይህን ሲናገር ፊቱ እያመላከተን እስከ መጨረሻው ይወስደናል። ምስል ላይ ግን ችግር ነው። ኤዲተሩ ዓረፍተ ነገሩ ሲጀምር የደከመ ባትሪ ካሳየ ምስሉ መልሱን ቀድሞ ተናገረ። ትራሱን ብቻ ይዞ ከቆየ ደግሞ ስለምን እንደሚወራ ሳይታወቅ ሰከንዶች ያልፋሉ።

መፍትሔው መቆራረጥ ነው። «ስልኩ ትራስ ሥር ነው። ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ላይ ያድራል። ሙቀቱ መውጫ የለውም።» ሦስት ዓረፍተ ነገር፣ ሦስት ምስል። በጽሑፍ ሲነበብ የተሰባበረ ይመስላል። ሲሰማ ግን እንደዚያ አይደለም፤ መካከሉን ምስሉ ይሞላዋል።

ጥቅሙ ደግሞ እዚህ ላይ ነው። «ሁሉም ግን አይመለሱም» ስንል ይመለሱ አይመለሱ የሚታወቀው የመጨረሻው ቃል ላይ ነው። ስለዚህ ግራፊክሱ ላይ ነጠብጣቦቹ በሙሉ መመለስ ይጀምሩና ጥቂቶቹ ልክ «አይመለሱም» ሲባል ይቁሙ። ከቃሉ ቀድመው ከቆሙ ጉጉቱ ሞተ። የሞሽን ዲዛይነሩ ይህን በራሱ እንዲያውቅ አትጠብቁ፤ በተለይ ቋንቋውን የማይሰማ ከሆነ። ሠንጠረዡ ላይ ቃሉን አስምሩለት።

«እኔ» የሚለውን ምን ላድርገው?

ገጠመኙ ለመረጃው የማያስፈልግ ከሆነ አውጡት። በምሳሌያችን «ይዘጋብኛል» የነበረው «ይዘጋል» ሆኗል፤ ምንም አልጎደለም።

ገጠመኙ ራሱ ዋናው ነገር ከሆነ ግን ተጠንቀቁ። አንድ ሰው ሥራውን ስላጣበት ቀን እየተረከ ስክሪኑ ላይ መስኮት ዳር የተቀመጠ የማይታወቅ ሰው ካሳያችሁ፣ ተመልካቹ ያ ሰው ተራኪው ነው ብሎ ያምናል። ይህ ማታለል ነው፤ ሳይታሰብ ቢሆንም። ፊት የማይታይባቸውን ክሊፖች ምረጡ፤ እጅ፣ ጀርባ፣ ባዶ ወንበር። ወይም በሥዕል ሥሩት። ተራኪውም መጀመሪያ ላይ ማን እንደሆነ ይናገር፣ ወይም ስሙ በጽሑፍ ይውጣ። ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ ለዚያ ክፍል ሰውየውን በስልክ ካሜራም ቢሆን መቅረጽ ነው። ሁሉም ነገር ወደ ቮይስ ኦቨር መቀየር የለበትም።

አንተ፣ አንቺ ወይስ እናንተ?

አቅራቢ «አንተ» ቢል እንኳ ወዳጅነቱን ፊቱ ላይ እናያለን። ፊት የሌለው «አንተ» ትእዛዝ ይመስላል። በዚያ ላይ ድምፁ «አንተ» እያለ ክሊፑ ላይ ሴት ከታየች ነገሩ ይፋለሳል።

እኔ ሁለት መንገድ እመርጣለሁ። ምክር ሲሆን «እናንተ»። ማስረዳት ሲሆን ደግሞ ማንንም ሳይጠሩ፣ «ስልኩ ቻርጅ ሲደረግ» እንደሚለው። «ስንጠቀምበት» የሚለው የጋራ አነጋገርም ድምፁን ያለሰልሰዋል። የመረጣችሁትን እስከ መጨረሻው ያዙት። መሃል ላይ ወደ «እርስዎ» የሚዞር ትረካ ጆሮ ይጎረብጣል።

ርዝመቱን በምን ልገምት?

በቃል ብዛት አትገምቱ፤ ቢያንስ ከእንግሊዝኛ በተወሰደ ቁጥር። በደቂቃ 150 ቃል ገደማ የሚባለው ለእንግሊዝኛ ትረካ ነው። አማርኛ በአንድ ቃል ውስጥ አድራጊውንም ተደራጊውንም አሉታውንም ያጭቃል፤ ቃሉ ይረዝማል፣ ቁጥሩ ያንሳል።

አንድ ገጹን በትረካ ፍጥነት ጮክ ብላችሁ አንብቡና ሰዓት ያዙ። በልብ ማንበብ አይቆጠርም። ባገኛችሁት ላይ የጻፋችኋቸውን ዝምታዎች ደምሩ። እኔ ከጠቅላላው ጊዜ አንድ አምስተኛው ያህል ያለ ንግግር እንዲያልፍ አደርጋለሁ። ግራፊክስ የበዛበት ክፍል ከዚህም በላይ ይፈልጋል፤ ተመልካቹ እያየም እየሰማም ነው።

ድምፁ መቼ ይቀረጽ?

ሁለት ጊዜ። መጀመሪያ ራሳችሁ በስልክ ቅረጹት። ጥራቱ ግድ የለም። ያንን ታይምላይን ላይ አስቀምጡና ክሊፖቹን፣ ግራፊክስ በሚመጣበት ቦታ ደግሞ ባዶ ካርድ እየደረደራችሁ እዩት። የረዘመው፣ ምስል ያጣው፣ የተጣደፈው ሁሉ እዚህ ይታያል። ስክሪፕቱን አርሙ። ከዚያ ዋናው ተራኪ ይግባ። ግራፊክሱ የሚሠራው ከዋናው ድምፅ በኋላ ነው። በጊዜያዊው ድምፅ ላይ የተሠራ አኒሜሽን ተራኪው ትንሽ ቀስ ባለ ቁጥር እንደገና ይሠራል፤ ጊዜና ገንዘብ የሚፈሰው እዚህ ነው።

ለተራኪው የምትሰጡት ቅጂ ላይ የምስሉም ዓምድ ይኑር። ምን እየታየ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ድምፁን አያጋንንም።

ስክሪን ላይ ምን ያህል ጽሑፍ ላውጣ?

ትንሽ። ሰው አንድ ጽሑፍ እያነበበ ሌላ ነገር መስማት ይከብደዋል። ድምፁ «ሙቀት ሲበዛ የሚቀሩት ይበዛሉ» እያለ ጽሑፉ «ከፍተኛ ሙቀት የባትሪን አቅም ይቀንሳል» ካለ ሁለቱም ጠፉ። «ሙቀት» የሚል አንድ ቃል ይበቃል፤ እሱም ድምፁ የተጠቀመበት ቃል ራሱ ይሁን። ስም ወይም ቁጥር ሲሆን ጮክ ብላችሁ ሁለት ጊዜ እስክታነቡት ድረስ ስክሪኑ ላይ ይቆይ።

የተዘጋጀ ቴምፕሌት የምትጠቀሙ ከሆነ ፎንቱን አስቀድማችሁ ሞክሩት። ብዙዎቹ ቴምፕሌቶች የግዕዝ ፊደል በሌለው ፎንት የተሠሩ ናቸው፤ ጽሑፋችሁ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይወጣል፣ ወይም ፕሮግራሙ ሌላ ፎንት ይተካና ውፍረቱ ይለያያል። Noto Sans Ethiopic በነፃ የሚገኝና የተለያየ ውፍረት ያለው ነው። ፊደሎቻችን ጭረታቸው ብዙ ስለሆነ ለላቲን ከሚበቃው መጠን ከፍ አድርጉት። «ሐ»ን እና «ሑ»ን በስልክ ስክሪን ላይ መለየት ካልቻላችሁ አንሷል።

የስቶክ ፈቃድ ላይ ምን ልጠንቀቅ?

ሁለት ነገር። ክሊፑ ላይ Editorial Use Only የሚል ካለ ለማስታወቂያ ወይም ለድርጅት ማስተዋወቂያ አይሆንም፤ የሚታዩት ሰዎች ወይም ቦታው ፈቃድ አልሰጡም ማለት ነው። ሁለተኛው፣ ፈቃድ ያለው ክሊፕም ቢሆን የሚታየውን ሰው በሽተኛ፣ ወንጀለኛ ወይም ተላላ በሚያስመስል ትረካ ሥር ማስገባትን ብዙዎቹ ፈቃዶች ይከለክላሉ። ይህ ስክሪፕት ጸሐፊውን ይመለከታል። ክሊፑ ንፁህ ነው፤ ጥፋተኛ የሚያደርገው ከላዩ የምትጽፉት ዓረፍተ ነገር ነው። «ግዴለሽ ሰዎች» የሚል ትረካ ላይ የማንም ፊት አይኑር።

መቀየሩ መሳካቱን በምን አውቃለሁ?

ስክሪፕቱን ለማያውቅ ሰው ሁለት ጊዜ አሳዩት። መጀመሪያ ድምፁን ዘግታችሁ። ስለምን እንደሆነ በግምት መናገር መቻል አለበት፤ በምሳሌያችን «የሆነ ነገር ይሻገራል፣ ከዚያ ይጣበቃል» ካለ በቂ ነው። ከዚያ ፊቱን አዙሮ ድምፁን ብቻ ይስማ። ጭብጡ ከገባው ጥሩ፤ «ምኑ ነው የማይመለሰው?» ብሎ ከጠየቀ ድምፁ ላይ አንድ ስም ጎድሏል።

በሁለቱም ምንም ካልጎደለው ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ድምፁና ምስሉ አንድ ዓይነት ነገር እየደገሙ ነው ማለት ነው። ወደ ሠንጠረዡ ተመልሳችሁ ምስሉ ብቻውን ሊወጣው የሚችለውን ዓረፍተ ነገር ፈልጋችሁ ሰርዙት።